«ዓርብ እኩለ ሌሊት» የትኛው ሌሊት ነው? ለውጭ አገር ባልደረቦች ቀንና ሰዓት ስለ መጻፍ

ለአንድ የበይነ መረብ የውይይት መድረክ ያቀረብኩት ጥያቄ ይህ ነበር። የምሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ባልደረቦቼ ግን ዋሽንግተን፣ በርሊንና ዱባይ ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ለአንድ የውጭ ድጋፍ ሰጪ የሚቀርብ ማመልከቻ የማስገባት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቆ ነበር። በጥሪው ላይ የሰፈረው ቀነ ገደብ እንዲህ ይላል፤

```
Friday, 10/31/2025, 12:00 midnight EST
```

ስሌቱን ተጠንቅቄ ሠርቻለሁ። EST የሚባለው ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 5 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ እኛ 3 ሰዓት ወደፊት ነን፤ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በዋሽንግተን ዓርብ አልቆ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በእኛ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው ብዬ ደመደምኩ። የመጨረሻው አባሪ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ ዓርብ ማምሻውን ደረሰኝ። ሌሊቱን ሳስተካክል አድሬ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ላይ ማመልከቻውን ለመጫን ብሞክር ገጹ ተዘግቷል። የተዘጋው ልክ 1 ሰዓት ላይ ነበር። የአራት ወር ሥራ በ40 ደቂቃ ቀረ። ጥያቄዬም ሁለት ነበር፤ ስሌቴ የተሳሳተው የቱ ላይ ነው? እኛስ ለሌሎች ስንጽፍ ማንም ሰው እንዲህ እንዳይሳሳት ምን ብለን እንጻፍ? ብዙ ሰው ስለመለሰልኝ፣ ዘግይቶ ለሚያነብ እንዲጠቅም መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው እዚሁ አዲስ አበባ ከምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። በጣም አዘነችልኝ፤ እሷም በአንድ ወቅት ተመሳሳይ ነገር እንደደረሰባት ነገረችኝ። ጥፋቱን የጣለችው በሰዓት አቆጣጠራችን ላይ ነው። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት የምንለውን ሌላው 7 ሰዓት ስለሚለው፣ ሁልጊዜ «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» እያሉ መጻፍ ይበቃል ባይ ናት። ግማሹ እውነት ነው። እኔን የጣለኝ ግን ያ አልነበረም፤ ስድስቱን ሰዓት በትክክል ነበር የቀየርኩት። ደግሞም «በፈረንጅ» ማለት ብዙ ነገር ሳይነገር ያስቀራል፤ በርሊንም ፈረንጅ ነው፣ ዋሽንግተንም ፈረንጅ ነው፣ ሰዓታቸው ግን አንድ አይደለም።

የስህተቱን ቦታ ያገኘልኝ በ2ኛው መልስ ከሜሪላንድ የጻፈ ሰው ነው። ብዙ ዓመት እዚያ እንደኖረ ያስታውቃል። እንደ እሱ አባባል ችግሩ ያለው ሦስቱ ፊደላት ላይ ነው። EST የክረምታቸው ሰዓት ስም ነው። አሜሪካኖች ከ2007 ጀምሮ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያዞራሉ፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። በመካከል ያሉት ስምንት ወራት EDT ይባላሉ፤ ከመነሻው ሰዓት የሚርቁትም 4 ሰዓት ብቻ ነው። በ2025 ሰዓቱ የተመለሰው ኖቬምበር 2 ነው። ቀነ ገደቡ ያረፈው ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር፤ በዋሽንግተን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ገና EDT ነበር፤ ከእኛ የሚለየውም በ7 ሰዓት ነው። ጥሪውን የጻፈው ሰው EST ያለው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ማለት ስለለመደ ብቻ ነው። እኔ ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰድኩት፤ የጻፈው ሰው ያሰበው ግን በመስኮቱ የሚያየውን የከተማውን ሰዓት ነው። ሰውየው ሲደመድም ሁለት ምክር ሰጠኝ። አንደኛው ለእነዚያ ሰዎች በጽሑፋቸው መሠረት 1 ሰዓት እንደሚቀረኝ በጨዋ ደብዳቤ እንድነግራቸው ነው፤ ደብዳቤውን ልኬያለሁ፣ መልስ ገና አልመጣም። ሁለተኛው ከእንግዲህ በፊደላቱ ፈንታ የከተማ ስም እንድጽፍ ነው። የዋሽንግተን ሰዓት ያለ ሰው ክረምትም ሆነ በጋ አይሳሳትም።

3ኛው መልስ ኮምጨጭ ያለ ነበር። በ«አንተ» ጀመረና፣ የአራት ወር ሥራ ይዞ የመጨረሻዋን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው በፊደል ማሳበብ የለበትም አለኝ። አንድ ቀን ቀድሞ ማስገባት እያለ ስለ ሰዓት ቀጠና መከራከር ምን ይባላል ብሎም ጠየቀ። በ4ኛው ላይ መለስኩለት፤ የባንኩ ደብዳቤ በእጄ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ አስገባው ነበር። ቀድሞ ማስገባት ለሚያስገባው ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ግን ስለሚጽፈው ሰው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አሁንም እንደዚያው አምናለሁ።

በ5ኛው መልስ ከበርሊን የጻፈው ወጣት የዚያኑ ሳምንት ሌላ ገጽታ አሳየን። አውሮፓ ሰዓቱን የሚመልሰው በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በ2025 ኦክቶበር 26 ቀን ማለት ነው። ከአሜሪካ አንድ ሳምንት ይቀድማል። በዚያች አንድ ሳምንት በርሊንና ዋሽንግተን የሚለያዩት እንደ ወትሮው በ6 ሰዓት ሳይሆን በ5 ሰዓት ነው። ይህ ወጣት በየማክሰኞው ከዋሽንግተን ጋር ስብሰባ አለው። ስብሰባው የተመዘገበው በዋሽንግተን ሰዓት ስለሆነ በእሱ ሰዓት ሁልጊዜ ከቀኑ 16:00 ላይ ይውል ነበር፤ በዚያ ማክሰኞ ግን 15:00 ላይ ሆነ። እሱ ስልኩን ሳያይ በልማድ ብቻ ቢሄድ ሰዎቹ ተሰብስበው ጨርሰዋል። በማርች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል፤ አሜሪካ ትቀድማለች፣ አውሮፓ እስከ ወሩ የመጨረሻ እሑድ ትቆያለች። እኛ ፈጽሞ ሰዓት ስለማንቀይር፣ ሌሎቹ ሲንቀሳቀሱ የቆምንበት ቦታ የተንቀሳቀሰ ይመስለናል።

6ኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ብዙ ያውቃል፤ ትዕግሥቱ ግን አጭር ነው። ከተማም ፊደልም አያስፈልግም፤ ሁሉም ሰው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በUTC ይጻፍ፣ ክርክሩም ይዘጋ አለ። እኔን ያመለጠኝ ቅጽበት በእሱ አጻጻፍ `2025-11-01T04:00Z` ነው። ዓመት ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ቀን ያሳርጋል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል የመነሻውን ሰዓት ታመለክታለች። ይህ ቅደም ተከተል ከ1988 ጀምሮ ISO 8601 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የታወቀ ነው። ሊኑክስ ያለው ሰው ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ለመቀየር ይህንን ብቻ ይጻፍ ብሎ አስቀመጠልን፤

```
TZ=Africa/Addis_Ababa date -d '2025-11-01 04:00 UTC'
```

ሞከርኩት፤ ቅዳሜ 07:00 ብሎ መለሰልኝ። ያቺ ገጹ የተዘጋባት ሰዓት ናት። ዓርብ ማታ ይህቺን አንድ መስመር ባውቃት ኖሮ እያልኩ ብዙ ተብሰልስያለሁ። ግን ትእዛዙ የሚጠቅመው ትክክለኛው ቅጽበት አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በጥሪው ላይ ያለውን EST አምኜ 5 ሰዓት ደምሬ ብሰጠው ኖሮ፣ ያንኑ የተሳሳተ 2 ሰዓት በትክክል አስልቶ ይሰጠኝ ነበር።

በ7ኛው ላይ ዓለም አቀፍ ስብሰባዎችን የምታሰናዳ ሴት በአክብሮት ግን በጽናት ተቃወመችው። ያለፈ ነገር ሲመዘገብ UTC የሚተካከለው የለም አለች፤ ገና ለሚመጣ ነገር ግን ሊያሳስት ይችላል። ምክንያቷን ስሰማ እኔም አስቤበት የማላውቀው ነበር። መንግሥታት የሰዓት ደንባቸውን በአጭር ማስታወቂያ ይቀይራሉ። በማርች 2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት የሚቀየርበትን ቀን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አራዘመው፤ ገሚሱ ሕዝብ ተቀበለ፣ ገሚሱ አልቀበልም አለ፤ አንዲት ትንሽ አገር ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ኖረች፤ በመጨረሻ መንግሥት ውሳኔውን ሻረ። በዚያው ዓመት ግብፅ ትታው የነበረውን ሰዓት መቀየር እንደገና ጀመረች። ቤይሩት ውስጥ ጠዋት 9:00 ላይ የሚጀመር ስብሰባ ከወራት በፊት በUTC ብቻ ተጽፎ ቢሆን፣ ሰዎቹ በራቸውን በአንድ ሰዓት ስተው ይከፍቱ ነበር። አዳራሹ፣ ቡናውና ጥበቃው የሚታዘዙት ለከተማው ሰዓት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማውን ሰዓት ጻፉ፣ UTCን ለማመሳከሪያ ከጎኑ አስቀምጡ አለች። ፕሮግራም ጸሐፊው በ8ኛው ላይ እንዲህ ያለው በመቶ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው ሲል መለሰላት፤ እሷም በአንድ ዓመት ሁለት አገር ጠርቻለሁ አለችው። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ ለኮምፒውተር መዝገብ ግን እሱ እንደሚለው ቢሆን ይሻላል።

በ9ኛው ላይ ውይይቱ መንገድ ሳተ። አንድ አባት ለልጃቸው ፓስፖርት ቅጽ ሲሞሉ የልደቱ ቀን ጳጉሜን 3 ስለሆነ በፈረንጅ የትኛው ቀን ላይ እንደሚውል ጠየቁ። የእኔ ጥያቄ ስለ ሥራ ቀነ ገደብ መሆኑን አላስተዋሉም፤ ቢሆንም ማንም አልተቆጣቸውም። በ10ኛው ላይ አንድ ሰው በትሕትና መልሶላቸዋል፤ ጳጉሜን 3 በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 8 ነው። የሚንሸራተተው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሻገራል፤ እስከ የካቲት ማብቂያ አካባቢ ያሉት ቀኖችም አብረው በአንድ ቀን ይገፋሉ። አዲሱ ዓመት 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር።

ይህ መንገድ መሳት ግን ወደ ጥሩ ነገር አደረሰን። በ11ኛው ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ የሆነች ሴት የጻፈችው ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነው። ከመሥሪያ ቤቷ ወደ ውጭ በሚወጡ ደብዳቤዎች ራስ ላይ ቀኑ በቁጥር ብቻ ይመታል። በበጀት መዝጊያ ቀን የወጣ ደብዳቤ 30/10/2017 ይላል፤ ሰኔ 30 ቀን ማለት ነው። በፈረንጅ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። በርሊን ያለው ተቀባይ ግን ያነበበው ኦክቶበር 30 ቀን 2017 ብሎ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈበት ወረቀት መስሎት በአሮጌ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው የተገኘው። የባሰው የጳጉሜን ነው። 05/13/2017 የተባለ ቀን አሜሪካ ሲደርስ ምንም ጥያቄ አያስነሳም፤ ወሩን አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ሜይ 13 ቀን 2017 ነው ይላል። እኛ ግን ጳጉሜን 5 ቀን ነው ያልነው፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025። ስህተቱ የሚያስፈራው ስህተት ስለማይመስል ነው። 30/30/2017 ቢሆን ተቀባዩ ደውሎ ይጠይቅ ነበር፤ ትክክለኛ ቀን የሚመስል የተሳሳተ ቀን ግን ማንንም አያስጠይቅም።

ይህችው ሴት የተገላቢጦሹንም አነሳች። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ኦክቶበርን «ጥቅምት»፣ ኦገስትን «ነሐሴ» እያሉ የፈረንጁን ቀን ያስከትሉበታል። «ጥቅምት 31» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ጸሐፊው የፈረንጁን ወር በእኛ ስም እንደጠራው ወዲያውኑ ታውቃላችሁ፤ በእኛ ወር 31ኛ ቀን የለምና። «ጥቅምት 15» ካለ ግን ምንም ምልክት የለውም፤ ኦክቶበር 15 ይሁን ኦክቶበር 25 የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። የእሷ ደንብ አጭር ናት፤ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፣ የእኛ ወር በእኛ ስም፣ የእነሱ ወር በእነሱ ስም፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል ዓመት አይጻፍ።

12ኛው መልስ የመጀመሪያዋ የሒሳብ ባለሙያ ተመልሳ የጻፈችው ነው። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን በሰንጠረዥ ውስጥም ጉድ ሠርቷታል። የክፍያ ቀኖችን ቀኑን አስቀድማ ጽፋ ወደ ሜሪላንድ ላከች። እዚያ ያለው ኮምፒውተር በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለ ስለሆነ 07/11/2025 ኖቬምበር 7 መሆኑ ቀርቶ ጁላይ 11 ሆነ። 21/11/2025 ግን 21ኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ቀረ። እንዴት እንደደረሰችበት የነገረችን ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ነው፤ በዓምዱ ውስጥ አንዳንዶቹ ቀኖች ወደ ቀኝ፣ አንዳንዶቹ ወደ ግራ ተጠግተው አየች። ኤክሴል ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ያልገባውን በግራ ይተወዋል። ወደ ግራ የቀሩት ሁሉ ከ12 በላይ የሆኑ ቀኖች ነበሩ። ወደ ቀኝ የሄዱት ደህና የሚመስሉት ናቸው የተበላሹት። ፕሮግራም ጸሐፊው በ13ኛው አረማት፤ ይህ የሚሆነው ሰንጠረዡ በተራ ጽሑፍ መልክ፣ በCSV ሲላክ ነው። በኤክሴሉ በራሱ ፋይል ከተላከ ቀኑ በውስጥ እንደ ቁጥር ስለሚቀመጥ መልኩ ቢለወጥ እንኳን ቀኑ አይለወጥም። እሷም በCSV መላኳን አመነች። ይህ እርማት በሥርዓት የተሰጠ፣ በሥርዓትም የተወሰደ ነበር።

ከዱባይ የጻፈው የ14ኛው ባለቤት ስለ ሰዓት ሳይሆን ስለ ሳምንት ነው የተናገረው። አለቃው «እስከ ሳምንቱ መጨረሻ» የሚል ትእዛዝ ለሦስት አገር ሰዎች ላከ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ፤ ዓርብ ግማሽ ቀን ነው። ሪያድ ያለው ባልደረባ ግን የሚያርፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ሳምንቱ ሐሙስ አለቀበት። የአዲስ አበባው ደግሞ ቅዳሜን ግማሽ ቀን ስለሚሠራ ቅዳሜ እኩለ ቀን ድረስ ጊዜ አለኝ አለ። ሦስቱም ታዘዋል፣ ሦስቱም በተለያየ ቀን ነው ያስረከቡት። በ15ኛው ላይ ከእስራኤል የጻፈች እህት፣ እኛ ዘንድ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው ብላ አከለችና ወደ ፊደላቱ መለሰችን። 10:00 IST የሚል ግብዣ ደርሷት የእስራኤል ሰዓት መስሏት በ10:00 ገባች። ላኪው የነበረው ሕንድ ነው፤ የሕንድም ሰዓት በዚያው ፊደላት ይጠራል። በክረምት ልዩነቱ 3 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ስብሰባው በእሷ ሰዓት የተጀመረው ከማለዳው 6:30 ላይ ነበር።

ከ16 እስከ 19 ያሉት መልሶች አልተስማሙኝም፤ ባልጽፋቸው ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። አንዱ ተነስቶ የዚህ ሁሉ መድኃኒት የራሳችንን ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር መተው ነው አለ። ሌላው አገር የሸጠ ያህል ወረደበት። ሦስተኛው አንደኛውን ደገፈ፣ አራተኛው የሁለተኛውን ስድብ አባሰው፤ የመድረኩ ኃላፊ አንድ መልስ አጠፋ። እኔ የማምነውን በግልጽ ልናገር። ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ ከዚያ 1 ሰዓት ብሎ መቁጠር በዚህች ምድር ላይ ላለ ሰው ቅን አቆጣጠር ነው፤ እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከሞላ ጎደል በዚያው ሰዓት ነው። ለበርሊን አይሆንም፣ ለእኛ ሆኗል። ያጠፋነው በእኛ ሰዓት መቁጠራችን ላይ ሳይሆን፣ በየትኛው እንደቆጠርን ሳንጽፍ መላካችን ላይ ነው። እኔን የጎዳኝ ጥሪም የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም።

የተነሳውን አቧራ ያበረዱት በ20ኛው ላይ የጻፉት የቀድሞ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሁሉንም «ልጆቼ» ብለው ጀመሩና፣ ስለ እኩለ ሌሊት አማርኛ ያልተጠቀምንበት ቃል አለው አሉ። «ዓርብ እኩለ ሌሊት» ሲባል ዓርብ የሚገባበት ይሁን የሚወጣበት አይታወቅም፤ በመካከሉ 24 ሰዓት ሙሉ አለ። የእኛ ሰው ግን «ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ» ይላል። ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ ሌሊቱ ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህንን ሳነብ ደስታዬ ትልቅ ነበር፤ ለባልደረቦቼ በውጭ ቋንቋ ስጽፍም ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱንም ቀን እጠራለሁ። በ21ኛው ላይ አንድ ሰው አጥቢያ ከዶሮ ጩኸት በኋላ ያለው ብቻ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገና አጥቢያ አይባልም ብሎ ተከራከረ። መምህሩ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ያለው ሁሉ ይባላል አሉ። ይህ ሳይፈታ ቀረ።

22ኛዋ የጉዞ ወኪል ናት። በቦሌ ሌሊት 00:30 ላይ የሚነሳ በረራ ኖቬምበር 1 ተብሎ ትኬቱ ላይ ሲጻፍ፣ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ቅዳሜ ኖቬምበር 1 ማታ ነው አለች፤ አውሮፕላኑ ግን ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። ለብዙዎቻችን ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ስለዚህ ለደንበኞቿ የበረራውን ሰዓት ብቻ አትነግርም፤ ዓርብ ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አየር ማረፊያ ይገኙ ብላ ትጽፍላቸዋለች። በ23ኛው ላይ የሜሪላንዱ ሰው ለዚህ ለእኩለ ሌሊት የሚያውቀውን መፍትሔ ጨመረ፤ 12:00ን ፈጽሞ አትጻፉ፣ 23:59 ብላችሁ ጻፉ። ያቺ አንዲት ደቂቃ ቀኑን ትቆልፈዋለች፤ 23:59 ዓርብ ማታ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ከተማው ካልተጠራ ግን 23:59ም የማን እንደሆነ አይታወቅም ብሎ አስጠነቀቀ።

በ24ኛው ላይ እኔ ከሁሉም የተማርኩትን ሰብስቤ ያንን ቀነ ገደብ እንደገና ጻፍኩት፤

```
Fri 31 Oct 2025, 23:59 Washington, DC (UTC-4)
= Sat 1 Nov 2025, 04:59 Berlin (UTC+1)
= Sat 1 Nov 2025, 06:59 Addis Ababa (UTC+3)
```

ለአገር ውስጥ ባልደረቦች ደግሞ ከሥሩ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ንጋት ላይ ለ1 ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ የሚል መስመር አለ። የዕለቱን ስም የጨመርኩት አስቤበት ነው፤ ዕለትና ቀን ካልተስማሙ አንባቢው አንዱ እንደተሳሳተ ያውቃል፣ ይጠይቃልም። ሕጋዊው ሰዓት የመጀመሪያው መስመር መሆኑን፣ የቀሩት ለምቾት የተሰሉ መሆናቸውንም እጽፋለሁ፤ ሁለት መስመሮች ቢጋጩ የትኛው እንደሚጸና አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

3ኛውን የጻፈው ቁጡ ሰው በ25ኛው ላይ ተመልሶ መጣ። ሦስት መስመር ማን ያነባል አለ፤ ሰው የራሱን ከተማ ብቻ ይፈልጋል፣ ቀሪው ሊያሳስተው ይችላል። በዚህ ጊዜ ተገቢ ነጥብ አለው። የሚሠሩት ሰዎች በሦስት ከተማ ከሆኑ ሦስት መስመር ይበቃል፤ በአሥር ከተማ ከሆኑ ግን እኔም አንድ መስመርና UTC ብቻ እጽፋለሁ። ስምምነታችን እስከዚህ ድረስ ነው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሳው የበርሊኑ ወጣት ነው፤ በየሳምንቱ የሚደጋገም ስብሰባ በማን ከተማ ሰዓት ይታሰር? በእኛ መሥሪያ ቤት ገና አልተወሰነም። የአሁኑ ስብሰባችን በአዲስ አበባ 17:00 ነው፤ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት። በዚህ ከታሰረ ዋሽንግተኖች እስከ ማርች 7 ቀን 2026 በ09:00፣ ከማርች 8 ጀምሮ በ10:00 ይገባሉ። በርሊኖች እስከ ማርች 28 በ15:00፣ ከማርች 29 ጀምሮ በ16:00 ይገባሉ። በዋሽንግተን 09:00 ከታሰረ ደግሞ የምንንቀሳቀሰው እኛ ነን፤ ከማርች 8 በኋላ 16:00 ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እንሰበሰባለን። ሁለቱንም ቀኖች በስብሰባው ማስታወሻ ላይ ጽፌ ለሦስቱም ከተሞች ልኬያለሁ፤ ከዱባይ በቀር እስካሁን የመለሰ የለም።